ሮዝ አበባና ኤቢ ደም፦ ያልተሟላ የበላይነትና የጋራ የበላይነት የሚለያዩበት ነጥብ

በዘር ውርስ ትምህርት ውስጥ ተማሪንም አስተማሪንም ከሚያደናግሩ ስያሜዎች መካከል ኢንኮምፕሊት ዶሚናንስ የሚባለው ያልተሟላ የበላይነትና ኮዶሚናንስ የሚባለው የጋራ የበላይነት ይገኙበታል። መደናገሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ በሁለቱም ዘንድ ከአባትና ከእናት ከተወረሱት ሁለት የተለያዩ ባሕርያት አንዱ ሌላውን ፈጽሞ አይሸፍነውም፣ በሁለቱም ዘንድ ልጁ አባቱንም እናቱንም የማይመስል መልክ ይዞ ይወጣል፣ ከዚያም ዐልፎ በቀጣዩ ትውልድ ላይ የሚታየው የቁጥር ምጣኔ በሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በቁጥር የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ የሚገኘው ሁለቱን የተለያዩ ባሕርያት በአንድነት የያዘውን ልጅ ቀርቦ በመመርመር ነው፤ ለዚህ ምርመራ ደግሞ ከሰው ደም የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥቂት ቃላትን ማብራራት ያስፈልጋል። ጂን የሚባለው ሕዋስ አንድን ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ የሰፈረበት የዲኤንኤ ክፍል ሲሆን፣ ሰው ጂኖቹን ጥቂቶች ሲቀሩ ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ አንዱን ቅጂ ከእናቱ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። አንዱ ጂን በተለያዩ ሰዎች ዘንድ መጠነኛ የአጻጻፍ ልዩነት ሊኖረው ይችላል፤ እነዚህ የተለያዩ ቅጂዎች አሊሎች ይባላሉ። ሁለቱ አሊሎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ሰውየው ተመሳሳይ ጥንድ አለው፣ ከተለያዩ ደግሞ የተለያየ ጥንድ አለው ይባላል። የሞራቪያው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ምርምሩ ያሳየው፣ የተለያየ ጥንድ ባለው ተክል ላይ ብዙውን ጊዜ የአንዱ አሊል ባሕርይ ብቻ እንደሚታይና የሌላው እንደሚደበቅ ነበር፤ የሚታየው የበላይ፣ የማይታየው ድብቅ ተባለ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጀምረው ይህ ደንብ ካልሠራበት ቦታ ነው።

ደንቡ የማይሠራበት በጣም የታወቀው ምሳሌ ሚራቢሊስ ጃላፓ የተባለው የአትክልት አበባ ሲሆን፣ በዘመናዊው የዘር ጥናት መባቻ ላይ ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ኮረንስ ሠርቶበታል። ቀይ አበባ ያለው ከነጩ ጋር ሲዳቀል የሚወለዱት ተክሎች በሙሉ ሮዝ አበባ ያወጣሉ፤ ሮዞቹ እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ደግሞ ከአራት አንዱ ቀይ፣ ከአራት ሁለቱ ሮዝ፣ ከአራት አንዱ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ቀዩና ነጩ እንደገና መመለሳቸው፣ አሊሎቹ በሮዙ አበባ ውስጥ እንደ ቀለምና ውኃ ተበርዘው እንዳልጠፉና የተደባለቀው የሚታየው ውጤት ብቻ እንደሆነ ያስረዳል። ምክንያቱን በአጭሩ ለመግለጽ፣ አንዱ አሊል ቀለም ለመሥራት የሚረዳ ኢንዛይም ሲያስገኝ ሌላው አያስገኝም፤ አንድ የሚሠራ ቅጂ ብቻ ያለው ተክል ቀለሙ ቀንሶ ስለሚወጣ ዓይን ያንን ያነሰ ቀይ ሮዝ ብሎ ያየዋል። ያልተሟላ የበላይነት የሚባለው ይህ ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ልዩነት ሲሆን፣ ልጁ የሚያሳየው ከሁለቱ ወላጆች መካከል ላይ የሚቀመጥ አንድ ባሕርይ ብቻ ነው።

አሁን ይህንኑ ምጣኔ በደም ውስጥ መፈለግ ይቻላል። ካርል ላንድሽታይነርና ፊሊፕ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1927 የሰው ደም በጥንቸሎች ላይ በመውጋት ባገኟቸው ፀረ-አካላት አማካይነት ኤምና ኤን የተባሉትን የደም ምልክቶች ለይተው አሳወቁ። ሰዎች በዚህ ረገድ በሦስት ይከፈላሉ፤ ኤም ብቻ ያላቸው፣ ኤን ብቻ ያላቸውና ሁለቱም ያሏቸው። እናትና አባት ሁለቱም ኤምኤን የሆኑባቸውን ቤተሰቦች ሰብስቦ 400 ልጆችን የሚመረምር ሰው ወደ 100 የሚጠጉ ኤም፣ ወደ 200 የሚጠጉ ኤምኤን፣ ወደ 100 የሚጠጉ ኤን ልጆችን ይጠብቃል፤ ይህም የሮዙ አበባ ምጣኔ ነው። ነገር ግን ኤምኤን የሆነው ልጅ ደም ግማሽ ኤም አይደለም፤ ደሙ ላይ ፀረ-ኤም ሲጨመር ይጓጎላል፣ በሌላ ጠብታ ላይ ፀረ-ኤን ሲጨመርም ይጓጎላል። መማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን የውርስ ዓይነቶች በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ጎን ለጎን እያስቀመጡ ልዩነቱን ከሠንጠረዡ እንዲረዱ ተማሪዎችን መጠየቃቸው እንግዲህ ከንቱ ድካም ነው፤ ሠንጠረዡ የሚናገረው አሊሎች እንዴት እንደሚከፋፈሉ እንጂ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ አይደለም።

አንድ ላይ ሲገናኙ የሚሠሩትን ለማየት በየደም ባንኩና በየላቦራቶሪው የሚደረገውን ተራ የደም ዓይነት ምርመራ በቅርበት መመልከት ይበቃል። ባለሙያው በመስታወት ወይም በነጭ ሰሌዳ ላይ የደም ጠብታዎችን ለየብቻ ያኖርና በአንዱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተለየውን ፀረ-ኤ፣ በሌላው ላይ በቢጫ ቀለም የተለየውን ፀረ-ቢ ጨምሮ በእንጨት ያማስላል፤ ከዚያም ሰሌዳውን ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል። ፀረ-አካሉ የሚፈልገው ምልክት በቀይ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ ካለ ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ደቃቅ አሸዋ ይጓጎላሉ፤ ከሌለ ጠብታው ወጥ ቀይ ሆኖ ይቀራል። የኤ ደም በሰማያዊው ብቻ፣ የቢ ደም በቢጫው ብቻ ይጓጎላል፤ የኦ ደም በሁለቱም አይጓጎልም። የኤቢ ደም ግን በሁለቱም ይጓጎላል፤ ልጁ ኤን ከአንዱ ወላጅ፣ ቢን ከሌላው ወርሶ ሁለቱን ያሳያል እንጂ በኤና በቢ መካከል የሚገኝ፣ ለሁለቱም ፀረ-አካላት እንግዳ የሆነ ሦስተኛ ምልክት አላበጀም። የጋራ የበላይነት ማለትም ይኸው ነው፤ ሁለቱ አሊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሙሉ ባሕርይ በአንድ አካል ላይ ሲገልጡ።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። የኤቢ ሰው ግማሾቹ ሕዋሳቱ ኤ፣ ግማሾቹ ቢ ቢሆኑስ? በዚያም ጊዜ ደሙ በሁለቱም ጠብታዎች መጓጎሉ አይቀርምና ምርመራው ይህን የሚለይ አይመስልም። ነገር ግን ይለያል። የኤና የቢ ሕዋሳት ተቀላቅለው የሚገኙበት ደም ላይ ፀረ-ኤ ቢጨመር የኤ ሕዋሳት ብቻ ተያይዘው ጉብታ ሲፈጥሩ የቢ ሕዋሳት በጉብታዎቹ መካከል ነፃ ሆነው ይዋኛሉ፤ ባለሙያዎች ይህን ድብልቅ መጓጎል ይሉታል፤ የኦ ደም በቅርቡ በተሰጠው የኤ ሰው ላይም በእርግጥ ይታያል። በጤናማው የኤቢ ሰው ደም ላይ ግን ሕዋሳቱ በሁለቱም ጠብታዎች በአንድነት ይጓጎላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ምልክቶች የሚገኙት በአንዱ ሕዋስ ገጽ ላይ ነው። በጥበብ ልብስ ጥለት ላይ ቀይና ቢጫ ክር ጎን ለጎን ሲሸመን ከሩቅ ለሚያይ አንድ ብርቱካናማ ቀለም ሊመስል ይችላል፣ ቀርቦ ለሚያይ ግን ቀዩም ቢጫውም በየራሳቸው አሉ፤ የኤቢ ሕዋስ ገጽ ከዚህ ጥለት ጋር ይመሳሰላል፣ ሮዙ አበባ ግን ቀጠን ባለ ቀይ የተነከረ ጨርቅ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው ቢባል፣ በሕዋሱ ገጽ ላይ እንደ ጸጉር የቆሙ የስኳር ሰንሰለቶች ጫፎች ናቸው። ከጥቂት ሰዎች በቀር በሁሉም ሰው ዘንድ ኤች የተባለ መነሻ ሰንሰለት አለ፤ በዘጠነኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው የደም ዓይነት ጂን የሚያስገኘው ኢንዛይም ሥራው በዚህ ሰንሰለት ጫፍ ላይ አንድ ተጨማሪ ስኳር መቀጠል ነው። የኤ አሊል የሚያስገኘው ኢንዛይም ኤን-አሴቲል ጋላክቶሳሚን የተባለውን ስኳር ይቀጥላል፤ የቢ አሊል የሚያስገኘው ደግሞ ጋላክቶስን። ሁለቱ ኢንዛይሞች 354 አሚኖ አሲዶች ያሏቸው ሆነው የሚለያዩት በአራቱ ብቻ ነው፤ እነዚያ አራቱ ግን ኢንዛይሙ የትኛውን ስኳር እንደሚያነሣ ለመወሰን በቂ ናቸው። የተለያየ ጥንድ ያለው የኤቢ ሰው ሁለቱንም ኢንዛይሞች ይሠራል፤ አንዱ ሰንሰለት የኤን ስኳር፣ ጎረቤቱ የቢን ስኳር ይዞ ይቆማል፤ የኤና የቢ ስኳር አማካይ የሚሆን ስኳር ግን በተፈጥሮ ስለሌለ መሐል ላይ የሚቆም ነገር የለም።

ይህ ማብራሪያ የኦን ነገር ሲነካ ይበልጥ ይጠቅማል። በብዛት የሚገኘው የኦ አሊል ከኤ አሊል ጋር እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ በአንድ ቦታ ላይ አንድ የዲኤንኤ ፊደል የጎደለው ነው፤ መመሪያው ሦስት ሦስት ፊደል እየተደረገ ስለሚነበብ ያቺ አንዲት ጉድለት ከዚያ በኋላ ያለውን ንባብ በሙሉ ታዛባለች፣ ኢንዛይሙም ሳያልቅ ተቆርጦ ይቀራል። ኦ እንግዲህ ልክ እንደ ነጩ አበባ አሊል ሥራ የፈታ ቅጂ ነው። ታዲያ ቀይና ነጭ አሊል ያለው ተክል ሮዝ ሲሆን፣ ኤና ኦ የወረሰ ሰው ስለ ምን ግማሽ ኤ ሳይሆን ኤ ይሆናል? መልሱ ያለው በአሊሉ ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ኢንዛይም አንዱን ስኳር ቀጥሎ ወደ ሌላው ሰንሰለት ስለሚያልፍ፣ በአንድ ቅጂ የተሠራው ኢንዛይም ብቻውን ሕዋሱን በተለመደው ምርመራ ከሙሉው በማይለይ መጠን ለማልበስ ይበቃል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ብቻውን ሲበቃ የበላይነት ይሆናል፤ ሳይበቃ ቀርቶ ጉድለቱ ሲታይ ያልተሟላ የበላይነት ይሆናል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ሲሠሩ ደግሞ የጋራ የበላይነት። የደም ዓይነት ጂን የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን በአንድ ቦታ ያሳያል፤ ኤ በኦ ላይ የበላይ ነው፣ ቢም በኦ ላይ የበላይ ነው፣ ኤና ቢ ግን የጋራ የበላይነት አላቸው። «ኤ የበላይ አሊል ነው» ብሎ የሚያበቃ ዓረፍተ ነገር ከማን ጋር እንደሆነ ካልተናገረ ጎዶሎ ነው።

ይህ በቤተሰብ ውስጥ የሚያስከትለውን መመልከት ተገቢ ነው። አባት የደም ዓይነቱ ኤ፣ እናት ቢ ሆና ልጃቸው ኦ ቢወጣ ጥርጣሬ የሚነሣበት ጊዜ አይጠፋም፤ ጥርጣሬው ግን መሠረት የለውም። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ኤ ሰውየው ኤና ኤ ይሁን ኤና ኦ አይናገርም። አባት ኤና ኦ፣ እናት ቢና ኦ ከሆኑ፣ አባት ከሁለቱ አንዱን እናትም ከሁለቱ አንዱን ስለሚያወርሱ አራት እኩል ዕድል ያላቸው ልጆች ሊወለዱ ይችላሉ፤ ኤና ቢ የደረሰው ኤቢ፣ ኤና ኦ የደረሰው ኤ፣ ቢና ኦ የደረሰው ቢ፣ ኦና ኦ የደረሰው ኦ ይሆናል። ከአንድ እናትና አባት አራቱም የደም ዓይነቶች ሊገኙ መቻላቸው፣ የበላይነትና የጋራ የበላይነት በአንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ስለሆነ፣ ከዚህ ጂን ሊወሰዱ ከሚችሉ ምሳሌዎች ሁሉ ምናልባት እጅግ የተዋበው ነው።

በአንጻሩ አባት ኤቢ፣ እናት ኦ ሲሆኑ ነገሩ ጠባብ ይሆናል። እናት ከኦ በቀር የምታወርሰው የላትም፤ አባት ደግሞ ወይ ኤን ወይ ቢን እንጂ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አያወርስም፤ ስለዚህ ልጆቹ ግማሾቹ ኤ፣ ግማሾቹ ቢ እንዲሆኑ ይጠበቃል፣ ከወላጆቻቸው በደም ዓይነት የሚመስላቸው አንድም አይኖርም። ይህ ስሌት በታሪክ ከተነሣ ትልቅ ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። ላንድሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 በቪየና የመጀመሪያዎቹን ሦስት የደም ዓይነቶች ካሳወቀና ኤቢ በማግሥቱ ዓመት ከተጨመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ፎን ዱንገርንና ሂርሽፌልድ የደም ዓይነት በዘር እንደሚወረስ ቢያሳዩም፣ ኤና ቢ በሁለት የተለያዩ ጂኖች የሚወረሱ መስሏቸው ነበር። እንዲያ ቢሆን ኖሮ የኤቢና የኦ ወላጆች ኤቢም ኦም ልጆች ሊወልዱ ይችሉ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ፌሊክስ በርንሽታይን ግን እ.ኤ.አ. በ1924 በየሕዝቡ የተሰበሰቡት የደም ዓይነት ቁጥሮች ከሁለት ጂኖች ግምት ጋር እንደማይስማሙና ከአንድ ጂን ሦስት አሊሎች ግምት ጋር እንደሚስማሙ አሳየ። የጋራ የበላይነት የሚለው ሐሳብ ትርጉም የሚያገኘውም ኤና ቢ የአንዱ ጂን ሁለት መልኮች መሆናቸው ሲታወቅ ብቻ ነው፤ የተለያዩ ጂኖች ውጤቶች አንድ ላይ መታየታቸውማ የሚያስገርም ነገር አልነበረውም።

ይሁን እንጂ በሁለቱ ስያሜዎች መካከል ያለው ድንበር የሚሰመረው ተመልካቹ በመረጠው መለኪያ ነው። ወደ ኤምና ኤን ለመመለስ፣ ምልክቶቹ የሚገኙት ግላይኮፎሪን ኤ በተባለ ፕሮቲን ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ኤም ብቻ ያለው ሰው ሕዋስ ፕሮቲኑን በሙሉ በኤም መልክ፣ ኤምኤን የሆነው ሰው ሕዋስ ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ በኤም መልክ ይሸከማል። ፀረ-ኤሙ ደካማ ከሆነ ታዲያ የመጀመሪያውን ደም አጥብቆ ሲያጓጉል ሁለተኛውን ላላ አድርጎ ያጓጉለዋል፤ የላቦራቶሪ ሰዎች ይህን የመጠን ውጤት ብለው ይጠሩታል። በኤቢም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ሁለቱ ኢንዛይሞች ለዚያው ለኤች ሰንሰለት ስለሚሻሙ፣ በተራ ኤ ሰው ሕዋስ ላይ እስከ 1 ሚሊዮን ገደማ የሚደርሰው የኤ ምልክት በኤቢ ሰው ሕዋስ ላይ በአያሌው ቀንሶ ይገኛል። የምልክቶቹን ብዛት ብቻ የሚቆጥር ሰው እንግዲህ መሐል ላይ የሚቀመጥ መጠን አግኝቶ «ይህስ ያልተሟላ የበላይነት ነው» ቢል ፈጽሞ ተሳስቷል አይባልም። የሚሳሳተው በብዛቱ ላይ ቆሞ ዓይነቱን ሲረሳ ነው፤ በሮዙ አበባ ውስጥ ከነጩ ወላጅ የመጣ፣ ተነጥሎ ሊለይ የሚችል ቀለም የለም፣ በኤቢ ሕዋስ ላይ ግን የሁለቱም ወላጆች ምልክት በየራሱ ፀረ-አካል ይነጠላል። ፈተናው ይህ ነው፤ የሁለቱን አሊሎች ሥራ ለየብቻ ማሳየት ከተቻለ የጋራ የበላይነት፣ የሚታየው የአንዱ ሥራ መጉደል ብቻ ከሆነ ያልተሟላ የበላይነት ነው።

የኤቢ ወላጅ የኦ ልጅ አይወልድም የሚለው ደንብም ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከፖላንድ የተዘገበ አንድ ቤተሰብ ኤና ቢ ሁለቱም በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተያይዘው ሊወረሱ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ሲስ-ኤቢ የተባለው ይህ አሊል የሚያስገኘው አንዱ ኢንዛይም ከአራቱ ወሳኝ ቦታዎች ከፊሉ የኤን፣ ከፊሉ የቢን መልክ የያዘ በመሆኑ ሁለቱንም ስኳሮች ይቀጥላል፣ አንዱን ግን ብዙውን ጊዜ በድካም። ሲስ-ኤቢንና ኦን የወረሰ ሰው በምርመራ ኤቢ ይባላል፤ ነገር ግን ለልጁ ኦን ሊያወርስ ስለሚችል ኦ ልጅ መውለድ ይችላል። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1952 በቦምቤይ የተገኙት ሰዎች ደግሞ መነሻው የኤች ሰንሰለት ራሱ የሌላቸው ስለነበሩ፣ የኤ ወይም የቢ አሊል ቢኖራቸውም በተለመደው ምርመራ ኦ ይመስሉ ነበር። ሁለቱም እጅግ ብርቅ ናቸው፤ ከእነርሱ ይልቅ የሚዘወተረው የናሙና ብልቃጥ መለዋወጥ፣ ደካማ ጉብታን እንዳልተጓጎለ አድርጎ ማንበብና ምልክቶቹ ገና ያልጠነከሩለትን አራስ ልጅ መርምሮ መቸኮል ነው። በመሆኑም በወላጆችና በልጅ የደም ዓይነት ካርድ መካከል አለመስማማት ያየ ቤተሰብ ከማናቸውም ንግግር በፊት ሁሉም አዲስ ናሙና ሰጥተው እንዲመረመሩ ያድርግ፤ ውጤቱ አሁንም ካልተስማማ ጉዳዩን የሚወስነው የደም ዓይነት ካርድ ሳይሆን የዲኤንኤ ምርመራ ነው።